አዝራሮች በሚሸፍኑት ቁም ፍሬም ውስጥ ፊትንና መርፌን ማስቀመጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ

ዛሬ የተረከብኩት ቀረጻ የልብስ ስፌት መኪና መርፌ ላይ ክር እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ አጭር ትምህርት ነው። አሠልጣኟ ከመኪናው ኋላ ተቀምጠው ወደ ካሜራው እያዩ ያስረዳሉ፤ እጃቸው ደግሞ ከታች መርፌው ላይ ይሠራል። ካሜራው አንድ ብቻ ነው፤ ምስሉ አግድም የተቀረጸ፣ 3840 በ2160 ፒክስል የሆነ አራት ኬ ቪዲዮ ነው። የሚፈለገው ግን በስልክ ላይ ቁም ሆኖ የሚታይ 1080 በ1920 ፒክስል ቪዲዮ ነው።

ቁም ቪዲዮ በሚታይባቸው መተግበሪያዎች ላይ ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ የእኛ አይደለም። ከላይ የገጽ መቀያየሪያ ጽሑፎችና የፍለጋ ምልክት፣ ከታች የአካውንቱ ስም፣ መግለጫውና የሙዚቃው ስም፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የላይክ፣ የኮሜንትና የሼር አዝራሮች በምስሉ ላይ ተደርበው ይቀመጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ ነፃ ሆኖ የሚቀረው ክልል ሴፍ ዞን ይባላል፤ የዚህ ማስታወሻ ጉዳይም የአሠልጣኟን ፊት፣ የመርፌውን ቀዳዳና ጽሑፎቹን በዚያ ክልል ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ቀረጻውን አንድ ጊዜ እንዳየሁት ዋናው ችግር የት እንዳለ ግልጽ ሆነልኝ። በስፌት መኪና ላይ መርፌው ያለው በሚሰፋው ሰው ግራ በኩል ነው፤ ካሜራው ደግሞ ፊት ለፊት ስለቆመ በምስሉ ላይ መርፌው ወደ ቀኝ ይወጣል። የምስሉ ታችኛ ቀኝ ክፍል ደግሞ አዝራሮቹ የተደረደሩበት ቦታ ነው። ምስሉን እንደ መስታወት ወደ ግራ መገልበጥ በጨረፍታ ሲታይ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን የእጅ መሽከርከሪያው በማይገኝበት ጎን ይታያል፣ በመኪናው ላይ ያለው ጽሑፍም ይገለበጣል፣ ተማሪውም በቤቱ ካለው መኪና ጋር የማይመሳሰል ነገር ይማራል። ስለዚህ ይህን መንገድ ከመጀመሪያው ዘግቼዋለሁ።

አሠልጣኟን በስልክ ሳነጋግራቸው የሰጡኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነበር፦ «ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካልታየ ሌላው ቢታይ ምን ይጠቅማል? የእኔ ፊት ቢቀር ይቅር።» ፊቱ መቅረት የለበትም፤ የሚያስረዳ ሰው ሳይታይ የሚሰማ ድምፅ ብቻውን ሰውን አይይዝም። የቅደም ተከተሉን ውሳኔ ግን ከዚህ ንግግር ወስጃለሁ፤ ሁለቱ ከተጋጩ መርፌው ይቀድማል።

ማክሰኞ

ሥራውን የጀመርኩት አዝራሮቹ በእርግጥ የት እንደሚያርፉ በመለካት ነው። በየቦታው የሚገኙ የሴፍ ዞን ምስሎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ መተግበሪያዎቹም ገጽታቸውን በየጊዜው ይቀይራሉ። ከታተሙት መመሪያዎች መነሻ ያደረግሁት ሜታ ለሪልስ ማስታወቂያዎች የሚሰጠውን ነው፤ እርሱም ከላይ 14 በመቶ፣ ከታች 35 በመቶ፣ ከሁለቱም ጎኖች 6 በመቶ ባዶ እንዲተው ይመክራል። በ1920 ፒክስል ቁመት ላይ ይህ ሲሰላ ከላይ 270 ያህል፣ ከታች 670 ያህል ፒክስል ይሆናል፤ ማለትም ለእኛ የሚቀረው ከላይኛው ጫፍ ተቆጥሮ ከ270 እስከ 1250 ያለው ነው። የታችኛው ልክ ሰፊ የሆነው ማስታወቂያ ከተራ ቪዲዮ በላይ ተጨማሪ አዝራር ስለሚኖረው ነው። የእኛ ቪዲዮ ማስታወቂያ ባይሆንም ይህን ጥብቅ ልክ መያዝን መርጫለሁ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

የራሴን መለኪያ ለማግኘት በ60 ፒክስል ካሬዎች የተከፋፈለ፣ በየ300 ፒክስሉ ደግሞ ወፍራም ቢጫ መስመር ያለው የሙከራ ቪዲዮ አዘጋጀሁ። ይህን ለመሥራት አንድ ትእዛዝ ይበቃል፦

```
ffmpeg -f lavfi -i color=c=gray:s=1080x1920:r=30:d=10 \
 -vf "drawgrid=w=60:h=60:t=2:c=white,drawgrid=w=300:h=300:t=6:c=yellow" \
 -pix_fmt yuv420p grid.mp4
```

ቪዲዮውን ለራሴ ብቻ እንዲታይ አድርጌ ጫንኩት፤ ይህ ምርጫ በሌለበት መተግበሪያ ላይ ደግሞ ለሙከራ ብቻ የተከፈተ ዝግ አካውንት ተጠቀምኩ። ከዚያ ቪዲዮው ሲጫወት ስክሪንሾት አነሳሁና የተሸፈኑትን ካሬዎች ቆጠርኩ። ይህ ዘዴ የሚጠቅመው ስክሪንሾቱን ከቪዲዮው ፒክስል ጋር ለማዛመድ ስሌት ስለማያስፈልግ ነው። የስልኩ ስክሪን ስንት ፒክስል ቢሆን፣ መተግበሪያው ምስሉን ቢያሳድግ ወይም ቢያሳንስ፣ ካሬው ምን ጊዜም 60 የቪዲዮ ፒክስል ነው። ከመጫን በፊት የሚታየው የመተግበሪያው ቅድመ እይታ ግን አዝራሮቹን ሁልጊዜ በትክክለኛ ቦታቸው ስለማያሳይ ለልኬት አይታመንም።

ከቆጠራው ሦስት ነገሮች ወጡ። አንደኛው የታችኛው ሽፋን ቁመት ቋሚ አለመሆኑ ነው። መግለጫው አጭር ሲሆን ከታች አምስት ወይም ስድስት ረድፍ ካሬ ብቻ ይሸፈናል፤ መግለጫው ረዝሞ፣ የሙዚቃ ስምና ተጨማሪ መለያ ሲኖረው ደግሞ ስምንት ረድፍ ይደርሳል፤ ተመልካቹ መግለጫውን ነክቶ ሲዘረጋው ከዚያም በላይ ይወጣል። መግለጫውን የሚጽፈው እኔ ሳልሆን ቪዲዮውን የሚለጥፈው ሰው ስለሆነ፣ ምን ያህል እንደሚጽፍ አስቀድሜ ማወቅ አልችልም። ጥብቁን 35 በመቶ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የቀኙ የአዝራር ዓምድ ከፍሬሙ ላይኛው ክፍል የሚጀምር አለመሆኑ ነው። በሞከርኳቸው ስልኮች ላይ የመጀመሪያው አዝራር የሚገኘው በፍሬሙ አጋማሽ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ለደኅንነት ሲባል መነሻውን 780 ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚህ መስመር በላይ ያለው የቀኝ ጎን ነፃ ስለሆነ ሴፍ ዞኑ ቀና አራት ማዕዘን ሳይሆን ታችኛው ቀኝ ማዕዘኑ የተቆረጠ ቅርጽ ነው። አብዛኞቹ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ውስጥ ተሠርተው የሚመጡት የሴፍ ማርጂን መስመሮች ለቴሌቪዥን የታሰቡ ናቸው፤ ከአራቱም ጎን እኩል የሚገቡ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ሦስተኛው ነገር ስሌት ስለሚያስፈልገው ለነገ አቆየሁት።

ረቡዕ

ከሙከራ ስልኮቹ አንዱ ስክሪኑ 1080 በ2400 ነው፤ ማለትም ከ9 ለ16 ይልቅ ረዘም ያለ፣ 9 ለ20 የሆነ ስክሪን ነው። እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ መተግበሪያው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቪዲዮውን በሙሉ ወርዱ አሳይቶ ትርፉን ቁመት በጥቁር ይሞላዋል፤ ወይም ስክሪኑን ለመሙላት ቪዲዮውን ያሳድግና ጎኖቹን ይቆርጣል። በመጀመሪያው ሁኔታ የሚጠፋ ነገር የለም። በሁለተኛው ግን 1920 የነበረው ቁመት 2400 እንዲሆን ቪዲዮው በ1.25 ያድጋል፤ ከ1080 ወርዱም የሚታየው 864 ብቻ ይሆንና ከያንዳንዱ ጎን 108 ፒክስል ይቆረጣል።

ጎኖቹ መቆረጣቸው ብቻውን ቀላል ነገር ነው። ከባዱ አዝራሮቹ የሚቀመጡት በቪዲዮው ጫፍ ላይ ሳይሆን በስክሪኑ ጫፍ ላይ መሆናቸው ነው። የአዝራሩ ዓምድ በስክሪኑ ላይ 150 ፒክስል ይወስዳል ብንል፣ ባልተቆረጠው ቪዲዮ ላይ መነሻው ከግራ 930 ነው። ቪዲዮው ሲያድግ ግን ያ 150 ፒክስል በቪዲዮው ልክ 120 ይሆናል፤ ከተቆረጠው 108 ጋር ሲደመር 228 ይሆንና ዓምዱ 850 አካባቢ ይጀምራል። ያው ቪዲዮ፣ ያው መተግበሪያ፣ ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት አዝራሮቹ 80 ፒክስል ወደ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። በአንድ ስልክ ላይ አይቶ «አልተሸፈነም» ማለት የማያስተማምነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የያዝኩት ክልል የሚከተለው ነው። ቁመቱ ከ270 እስከ 1250 ነው። ከ780 በላይ ወርዱ ከ110 እስከ 970፣ ከ780 በታች ደግሞ ከ110 እስከ 850 ነው። የመተግበሪያው ቋንቋ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ሲሆን ገጽታው ተገልብጦ አዝራሮቹ በግራ የሚመጡበት ሁኔታ አለ፤ የእኛ ተመልካች በአማርኛ ስለሚያነብ ያንን ከግምት አላስገባሁም።

የተከለከሉትን ቦታዎች በቀይ የሚቀባ ትእዛዝም አዘጋጀሁ። በታይምላይኑ ላይ የመመሪያ ሌየር ማስቀመጥ ይቻላል፤ እኔም አስቀምጫለሁ፤ ነገር ግን ሌየሩ ሳይጠፋ ኤክስፖርት ሊደረግ ስለሚችል፣ ለሌሎች የምልከውን የማረጋገጫ ቅጂ ከኤዲቲንጉ ውጭ በተለየ ስም ማውጣትን እመርጣለሁ፦

```
ffmpeg -i cut.mp4 -vf "drawbox=x=0:y=0:w=1080:h=270:color=red@0.4:t=fill,\
drawbox=x=0:y=1250:w=1080:h=670:color=red@0.4:t=fill,\
drawbox=x=0:y=270:w=110:h=980:color=red@0.4:t=fill,\
drawbox=x=970:y=270:w=110:h=510:color=red@0.4:t=fill,\
drawbox=x=850:y=780:w=230:h=470:color=red@0.4:t=fill" check.mp4
```

ሐሙስ

ዛሬ ቀረጻውን ወደ ቁም ፍሬም ማምጣት ጀመርኩ። የአራት ኬ ምስሉ ቁመት 2160 ስለሆነ ሙሉ ቁመቱን ወደ 1920 ለማሳነስ 88.9 በመቶ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሲሆን ከምንጩ ወርድ የሚታየው 1215 ፒክስል ብቻ ነው፤ ከ3840ው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። የምንጩን ፒክስል እንዳለ ብንጠቀም፣ ማለትም 100 በመቶ ላይ ብናስቀምጠው፣ ወርዱ ወደ 1080 ይጠብባል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ለማንቀሳቀስ ግን 240 ፒክስል እናገኛለን።

በምንጩ ላይ የለካኋቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። የአሠልጣኟ ፊት መሐል ከግራ 1700 ላይ ነው፤ ፀጉራቸው ከላይ 400፣ ዓይናቸው 560፣ አገጫቸው 760 ላይ ነው። የመርፌው ቀዳዳ ከግራ 2250፣ ከላይ 1500 ላይ ይገኛል። በ88.9 በመቶ ሲታይ ከፊቱ መሐል እስከ መርፌው ያለው አግድም ርቀት 489፣ ከዓይን እስከ መርፌ ያለው ቁመት ደግሞ 835 ፒክስል ይሆናል።

ልማዱ ፊትን የፍሬሙ መሐል ላይ፣ ማለትም 540 ላይ ማድረግ ነው። እንዲያ ቢደረግ መርፌው 1029 ላይ ያርፋል፤ በአዝራሮቹ ሥር ብቻ ሳይሆን በረዥሙ ስልክ ላይ ከስክሪኑ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱን ከመርፌው ጀመርኩ። የዓምዱ ጥብቅ ወሰን 850 ስለሆነ ለጣቶቹ ትንሽ ቦታ ሰጥቼ መርፌውን 780 ላይ አደረግሁት፤ በዚህ ጊዜ የፊቱ መሐል 291 ላይ ይመጣል። ፊቱ 340 ያህል ፒክስል ስፋት ስላለው ከ121 እስከ 461 ይይዛል፤ የ108ቱ መቆረጥም አይነካውም። ፊቱ ወደ ግራ ማድላቱ ብቻውን ሲታይ ያልተመጣጠነ ይመስላል፤ በስልክ ላይ አዝራሮቹ ሲደረቡበት ግን ቀኙ ስለሚሞላ ሚዛኑ ይስተካከላል። ፍሬሙን በኮምፒውተሩ ባዶ ስክሪን ላይ እያዩ መዳኘት ከዚህ የተነሳ ያሳስታል።

ቁመቱ ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር። ምስሉ በሙሉ ቁመቱ ሲቀመጥ መርፌው 1333 ላይ ነው፤ ከወሰናችን ከ1250 በታች 83 ፒክስል ወርዷል ማለት ነው። 100 በመቶ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ብስበው መርፌው 1260 ላይ ይደርሳል፤ ግን ዓይናቸው 320 ላይ ይወጣና ግንባራቸው በላይኛው ጽሑፍ ሥር ይገባል። ምስሉ ሲያድግ በዓይንና በመርፌ መካከል ያለው ርቀትም ወደ 940 ያድጋል፤ ያለን ቁመት በአጠቃላይ 980 መሆኑ ሲታሰብ ይህ አያዋጣም። በሌላ አነጋገር ሁለቱን አንድ ላይ ለማሳየት የሚያዋጣው ማሳነስ እንጂ ማሳደግ አይደለም።

የመረጥኩት መፍትሔ ምስሉን 88.9 በመቶ ላይ እንዳለ ትቶ በ120 ፒክስል ወደ ላይ መግፋት ነው። ይህ ሲደረግ መርፌው 1213 ላይ፣ ዓይን 378 ላይ፣ አገጭ 556 ላይ ያርፋል፤ ከፍሬሙ በታች ግን 120 ፒክስል ቁመት ያለው ባዶ ንጣፍ ይፈጠራል። ይህ ንጣፍ የሚገኘው መግለጫውና የሙዚቃው ስም ምን ጊዜም በሚሸፍኑት ቦታ ነው። ባዶውን ጥቁር አድርጎ መተው ግን አይበቃም፤ መተግበሪያው ጽሑፉን የሚደርበው ምስሉን በከፊል በሚያሳይ ጥላ ላይ ስለሆነ የጥቁሩ ጠርዝ እንደ መስመር ሆኖ ይታያል። የጠረጴዛውን የታችኛውን ጠርዝ ቅጂ ወስጄ ወደ ታች አስረዘምኩት፣ አደበዘዝኩት፣ ከዋናው ምስል ጋር የሚገናኝበትንም አለሳለስኩት። ጠረጴዛው አንድ ወጥ ቀለም ያለው መሆኑ ሥራውን አቅልሎታል፤ እጅ ወይም ጨርቅ እዚያ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ ይህ ዘዴ አይሠራም ነበር።

የተከፈለው ዋጋ የፀጉራቸው ላይኛ ክፍል 236 ላይ መድረሱ ነው፤ ከ270 ወሰን በ34 ፒክስል ያልፋል። ይህን ሆን ብዬ ተቀብያለሁ። የሚሸፈነው ፀጉር ነው፤ ዓይንና አፍ ግን ከወሰኑ በደንብ ወደ ውስጥ ናቸው። ሴፍ ዞን ለሚነበብና ለሚታወቅ ነገር የተቀመጠ ወሰን እንጂ ምንም ነገር እንዳይሻገረው የቆመ አጥር አይደለም፤ ጠረጴዛው፣ ክንዳቸውና የመኪናው አካል ከወሰኑ ውጭ መዘርጋታቸው ደግሞ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምስሉ በጠባብ ሣጥን ውስጥ የተጨናነቀ ይመስላል።

ዓርብ

ጽሑፎቹ ቀጥለው መጡ። ሰብታይትልን ከታች ማስቀመጥ ከቴሌቪዥን የመጣ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ከታች ቦታ የለም። በአገጩ በ556ና እጆቹ በሚንቀሳቀሱበት ከ1050 ጀምሮ ባለው ክፍል መካከል የአሠልጣኟ ደረትና የመኪናው ራስ ይታያሉ፤ ሰብታይትሉ ማረፍ ያለበትም እዚያ ነው። ከ780 መስመር በላይ ከጨረሰ የአዝራሩን ዓምድ ስለማይነካ ሙሉውን ከ110 እስከ 970 ያለውን ወርድ መጠቀም ይቻላል፤ መሐሉም ከፍሬሙ መሐል ጋር በትክክል ይገጥማል። ከ780 በታች ቢወርድ ኖሮ ወርዱ እስከ 850 ስለሚያጥር፣ መሐሉም ወደ 480 መግባት ስለሚኖርበት፣ ጽሑፉ ወደ ግራ ያጋደለ ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህ ሰብታይትሉን ከ600 እስከ 765 ባለው ውስጥ አስቀመጥኩት።

በዚህ ቁመት ውስጥ በ62 ፒክስል ፊደል ሁለት መስመር ይገባል፤ ሦስተኛ መስመር አይገባም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የጽሑፍ ሣጥኑ ከየት ተነስቶ እንደሚያድግ ነው። ከመሐሉ የሚያድግ ከሆነ ሦስተኛ መስመር ሲጨመር ጽሑፉ ወደ ላይም ወደ ታችም ይገፋል፤ ከታችኛው ጠርዙ የተያዘ ከሆነ ወደ ላይ አድጎ አገጩን ይነካል፤ ከላይኛው የተያዘ ከሆነ ወደ ታች ወርዶ በአዝራሩ ዓምድ ውስጥ ይገባል። ከታችኛው ጠርዝ አስሬ፣ የትኛውም ሰብታይትል ከሁለት መስመር እንዳያልፍ ወሰንኩ።

በዚህ መጠን አንድ የአማርኛ ፊደል በአማካይ ከ45 እስከ 50 ፒክስል ወርድ ይወስዳል፤ በ860 ፒክስል ውስጥም ባዶ ቦታዎችን ጨምሮ 17 ያህል ፊደል ይገባል። ይህ ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ መስመር እንዲቆርጥ ሲተው አንድ ረዥም ግሥ ብቻውን ወደ ሦስተኛ መስመር ይወርዳል። ስለዚህ መስመሮቹን በእጅ ቆርጫለሁ፤ ለምሳሌ «ክሩን ከፊት ወደ ኋላ» አንድ መስመር፣ «በቀዳዳው አሳልፉት» ሌላ መስመር ሆኗል። የንግግሩ ዓረፍተ ነገር ረዥም በሆነበት ቦታ ሁለት ሰብታይትል አድርጌ ከፈልኩት እንጂ ፊደሉን አላሳነስኩም፤ መጠኑ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ጽሑፍ ዓይንን ይረብሻል።

ርዕሱ ቦታ ያገኘው ሳላስበው ነው። ፊቱ ወደ ግራ በመሄዱ ከፊቱ በስተቀኝ፣ ከ490 እስከ 970፣ ከላይ ከ290 እስከ 550 ያለው ግድግዳ ባዶ ሆነ። ይህ ቦታ ከላይኛው ጽሑፍ በታች፣ ከአዝራሮቹ በላይ ነው። በ480 ፒክስል ወርድ ውስጥ አሥር ያህል ፊደል ስለሚገባ «የመርፌ» እና «ክር አገባብ» በሁለት መስመር ተቀመጡ። ግድግዳው ቀላ ያለ ነጭ ስለሆነ ጽሑፉን ጥቁር አድርጌዋለሁ፤ ከሥሩ የሚጀምሩት አዝራሮች ነጭ ናቸውና ጽሑፉም ነጭ ቢሆን ከእነርሱ ጋር የሚቀላቀል ይመስላል።

ሌላ አንድ ነገር፦ አንዳንድ መተግበሪያዎች የራሳቸውን ሰብታይትል በምስሉ ላይ ይደርባሉ። የእኛ ጽሑፍ በምስሉ ውስጥ የተቀረጸ ስለሆነ ቪዲዮውን ለሚለጥፈው ሰው ያንን እንዲያጠፋው በማስረከቢያው ላይ ጽፌያለሁ።

ቅዳሜ

እስካሁን ያለው ሁሉ የሚሠራው አሠልጣኟ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ነው። ክሩን በቀዳዳው ሊያሳልፉ ሲሉ ግን ጎንበስ ይላሉ፤ በምንጩ ላይ ዓይናቸው ከ560 ወደ 820 ይወርዳል፣ ፊታቸውም ወደ ቀኝ እስከ 1850 ይመጣል። በፍሬማችን ውስጥ ይህ ሲሰላ ዓይን 609፣ አገጭ 787 ላይ ይሆናል፤ ሰብታይትሉ በትክክል በፊታቸው ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ፍሬሙን ከእንቅስቃሴያቸው ጋር ቀስ እያደረጉ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። አሠልጣኟ ሲንቀሳቀሱ ፍሬሙም አብሮ ሲንቀሳቀስ፣ ሰብታይትሉና አዝራሮቹ ደግሞ ባሉበት ሲቆሙ፣ ተመልካቹ የሚያየው ነገር የሚዋኝ ይመስላል። ሰብታይትሉን በዚህ ቦታ ብቻ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወርም ዓይንን ያሯሩጣል። ስለዚህ ጎንበስ ማለት በሚጀምሩበት ቅጽበት ቆርጬ ወደ ሁለተኛ ቋሚ ፍሬም ገባሁ፤ በዚህ ፍሬም ውስጥ ፊት አያስፈልግም፤ መርፌውና ጣቶቹ ብቻ ይበቃሉ።

ለዚህ ቅርብ ፍሬም ምስሉን ምን ያህል ማሳደግ እንዳለብኝ የወሰነው የጥራት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መርፌው ከምንጩ የታችኛ ጠርዝ 660 ፒክስል ብቻ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ 100 በመቶ ላይ፣ ያው 120 ፒክስል የተራዘመ ጠረጴዛ ታክሎበት፣ መርፌው 1140 ላይ ነው የሚውለው። ወደ ፍሬሙ የላይኛ አጋማሽ ለማቅረብ ከተፈለገ ከሥሩ ያለውን ጠረጴዛ ማሳደግ ብቻ ነው ያለው አማራጭ። 130 በመቶ ላይ መርፌው 942 ላይ ይመጣል፤ ከሰብታይትሉ የታችኛ ጠርዝ 177 ፒክስል ይርቃል፤ ጣቶቹም ያለ መጨናነቅ ይታያሉ። ከ100 በመቶ በላይ መሄድ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ይህን በስልክ ላይ አረጋገጥኩ፤ 130 ላይ ክሩ ከቀዳዳው ሲወጣ ይለያል፣ 150 ላይ ግን ጠርዙ ይሟሟል። ስለዚህ 130 ላይ አቆምኩ።

በአግድም መርፌውን በመጀመሪያ 480 ላይ ሞከርኩት። በዚህ ጊዜ ጎንበስ ያለው ፊት ከግራ ጫፍ እስከ 207 ድረስ በከፊል ይገባል፤ የተቆረጠ ጉንጭ በላይኛው ግራ ማዕዘን ይታያል። መርፌው ወደ 400 ሲሄድ የሚታየው ጉንጭ እስከ 127 ብቻ ይሆናል፤ ረዥም ስክሪን ላይ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በግማሽ የሚታይ ፊት ዓይንን ከሚፈለገው ቦታ ስለሚስብ ወይ በሙሉ ይግባ ወይ በሙሉ ይውጣ የሚለውን ነው የምከተለው።

ሰኞ

የማረጋገጫ ቅጂው ቀዩ ተቀብቶበት ለአሠልጣኟ ተልኳል። ከዚያ ዋናውን ቅጂ በዝግ አካውንት ጭኜ በሦስት ሁኔታ አየሁት፦ ያለ መግለጫ፣ በአጭር መግለጫ፣ ሙዚቃ በታከለበት ረዥም መግለጫ። በየሁኔታው የፈለግሁት አንድ ጥያቄ መመለስ ነበር፤ ቪዲዮው ድምፁ ጠፍቶ ሲታይ ክሩ ከየት ወደ የት እንዳለፈ ይታወቃል ወይ? በሦስቱም ታውቋል። በረዥሙ መግለጫ ላይ የሽፋኑ ጫፍ ከጣቶቻቸው በታች በቅርብ ርቀት ቆሟል፤ ተመልካቹ መግለጫውን ሲዘረጋው ግን የመጀመሪያው ፍሬም መርፌ ይሸፈናል። መግለጫ የሚዘረጋ ሰው እያነበበ ስለሆነ ይህን ለማስቀረት አልሞከርኩም።

የሽፋን ምስሉንም ለብቻው ሠራሁ። በኢንስታግራም የመገለጫ ገጽ ላይ ከ2025 ወዲህ ቪዲዮዎች በ3 ለ4 ልክ ተቆርጠው ይታያሉ፤ ይህ ከላይና ከታች 240 ፒክስል ያስወግዳል። ርዕሱ ከ290 ስለሚጀምር ይተርፋል፤ የተራዘመው ጠረጴዛም በዚህ ልክ ከነጭራሹ አይታይም። ቪዲዮው በ4 ለ5 ልክ በሚታይበት ቦታ ግን ከየጫፉ 285 ስለሚቆረጥ ርዕሱ ከጠርዙ ጋር ሊነካካ ይደርሳል። በሽፋን ምስሉ ላይ ብቻ ርዕሱን በ40 ፒክስል ዝቅ አድርጌዋለሁ።

አሠልጣኟ የሰጡት አስተያየት «ራሴን ከላይ ቆረጥከኝ፣ መርፌዬ ግን ደኅና ነው» የሚል ነበር።

ለቀጣዩ ቀረጻ ለካሜራ ባለሙያው የላክሁት መመሪያ ይህ ነው። ካሜራው ፊት ለፊት ሳይሆን በአሠልጣኟ ግራ ጎን ይቁም። ከዚያ ሲታይ መኪናው በምስሉ ግራ፣ እርሳቸው በቀኝ ይሆናሉ፤ መርፌውም ለካሜራው ቅርብ የሆነው ጫፍ ላይ ነው። ፊታቸው በቀኝ ከላይ ስለሚሆን ከአዝራሮቹ ዓምድ በላይ ይቀራል፤ መርፌው በግራ ከታች ስለሚሆን አዝራሮቹ አይደርሱበትም። ገጻቸው በጎን እንዳይቀር ወደ ካሜራው ዞር እያሉ ያስረዱ። የጠረጴዛው ጠርዝ ከምስሉ ታችኛ ጫፍ ጋር አይግጠም፤ ከመርፌው በታች ያለው ቦታ ከምስሉ ቁመት ሲሶ የሚበልጥ ይሁን፤ እዚያም ላይ ምንም ዕቃ አይቀመጥ። በካሜራው ማሳያ ላይ ከላይ 14፣ ከታች 35 በመቶ የሚሆነው ቦታ በቀጭን ወረቀት ፕላስተር ይለጠፍ፤ የቀኙ ዓምድ ደግሞ ከአጋማሹ ጀምሮ ወደ ታች ይከለል።